ቀስቱ አረንጓዴ ላይ ነው፣ ዱቄቱስ? የእጅ እሳት ማጥፊያን በሚዛን የመፈተሽ መመሪያ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወዳጄ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃው ውስጥ ያሉትን የእሳት ማጥፊያዎች እንዳይለት ጠራኝ። ብዙ አይደሉም፣ ሦስት ናቸው። አንዱ መግቢያው ላይ የተሰቀለ ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ፓነሉ ክፍል ያለ ባለ 5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጄነሬተሩ አጠገብ ያለ ሌላ የዱቄት ማጥፊያ ነው። ሦስቱም ላይ የሰርቪስ ስቲከር አለ። ፒናቸውም እንደተሰካ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ከሦስቱ አንዱም በደንብ እንደማይሠራ ደረስንበት።

ለዓመታት የሕንፃ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ጌጁን አይቶ ያልፋል። ጌጁ የሚያሳየው ግን ግፊቱን ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ስንት እንደቀረ አያውቅም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጌጁ ይልቅ ሚዛኑ ላይ ያተኩራል። እነዚያን ሦስቱን እየፈተሽን እንሂድ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ሻንጣ የሚመዘንበት ዓይነት ተንጠልጣይ ዲጂታል ሚዛን፣ የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅና እስክሪብቶ ይበቃል። ሚዛኑ ቢያንስ እስከ 20 ኪሎ የሚችልና በ50 ግራም ወይም ከዚያ በታች ልዩነት የሚያነብ ይሁን። ሰው የሚቆምበት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የምንፈልጋትን ትንሽ ልዩነት አይነግረንም።

መጀመሪያ ዕድሜውን

ጨርቁን ይዘን አቧራውን እንጠርግና የተሠራበትን ዓመት እንፈልግ። አንዳንዱ መለያ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። አንዳንዱ ደግሞ ብረቱ ላይ፣ ከታች ወይም ትከሻው አካባቢ ተመትቶ ይገኛል። ብረቱ ላይ የተመታውን ይበልጥ እመኑ። ወረቀት ይቀየራል፣ ብረት ግን አይቀየርም።

እዚህ ላይ እኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ። የሕንፃው ጥበቃ አብረውኝ ነበሩ። መግቢያው ላይ ያለውን ገልብጬ ቁጥሩን ሳሳያቸው ፊታቸው በራ።

«2016 ይላል እኮ ልጄ። ገና ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ በፈረንጅ ነው» አልኳቸው።

ሲሊንደሩ ከውጭ የመጣ ነው። 2016 ማለት በእኛ 2008 ነው። የተመታበት ወር መጋቢት ስለሆነ እኛ ባየነው ቀን ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር ሞልቶታል። ስቲከሩን የሚለጥፈው ባለሙያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል። አንድ ዕቃ ላይ ሁለት አቆጣጠር ሲገናኝ የሰባትና የስምንት ዓመት ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል። ስለዚህ የራሳችሁን መዝገብ ስትይዙ ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ።

ይሄ ዕድሜ ለምን እንደሚያስፈልገን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ጌጁን ማንበብ

የዱቄት ማጥፊያ ውስጥ ዱቄቱን ገፍቶ የሚያስወጣው ናይትሮጅን ነው። ጌጁ የዚህን ናይትሮጅን ግፊት ይለካል። ቀስቱ አረንጓዴው ውስጥ ካለ ግፊቱ ደህና ነው። በግራ በኩል ያለው ቀይ ላይ ከወደቀ ግፊቱ ጎድሏል፤ ቢጫኑትም ዱቄቱ ሩቅ አይሄድም። በቀኝ በኩል አልፎ ከሄደ ደግሞ ከልክ በላይ ተሞልቷል ማለት ነው። እሱም ወደ ባለሙያ መሄድ አለበት።

ጌጁን ፊት ለፊት ቆማችሁ እዩት። ከጎን ሲታይ ቀስቱ ያለበት ቦታ የተሳሳተ ይመስላል። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ ጉም የያዘ ከሆነ ንባቡን አትመኑት። በጣታችሁ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ቀስቱ በድንገት ወደ ሌላ ቦታ ከዘለለ ተጣብቆ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጌጅ ይቀየር። የሚተካው ጌጅም ከሲሊንደሩ የሥራ ግፊት ጋር አንድ መሆን አለበት። የሲሊንደሩ መለያ 12 ባር የሚል ከሆነ የሌላ ግፊት ጌጅ ቢገጠምለት አረንጓዴው ውሸት ይናገራል።

አንዳንድ ሰው «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጌጁ አይዛባም?» ይለኛል። ከባሕር ወለል ጋር ያለው የአየር ግፊት ልዩነት የአንድ ባር ሩብ ገደማ ነው። ከ12 ባር ጋር ሲወዳደር ቀስቱ ላይ ዓይን የሚያየው ለውጥ አያመጣም። ብርዳማ ጠዋትና ሞቃት ከሰዓትም ቀስቱን ትንሽ ያነቃንቁታል እንጂ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ አይጥሉትም። ቀይ ላይ ካገኛችሁት ጋዙ እየሾለከ ነው።

የወዳጄ መግቢያ ላይ ያለው ቀስቱ አረንጓዴው መሐል ላይ ነበር።

ፒኑና ማሸጊያው

ፒኑ እጀታው እንዳይጫን የሚይዘው ነው። ፒኑን ደግሞ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማሸጊያ ትይዘዋለች። ማሸጊያዋ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም እንዳልነካው። በእጅ ሲጎተት በቀላሉ እንድትበጠስ ሆና ነው የምትሠራው። በየቦታው የማየው ግን ሽቦ ነው። ማሸጊያዋ ጠፍታ በቦታዋ ሽቦ ተጠምዝዟል፣ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል። ጭስ ውስጥ የቆመ ሰው ፒንሳ ፍለጋ ሊሄድ አይችልም። ሽቦ ካያችሁ በዚያው ቀን አውጡት።

ማሸጊያዋ ተበጥሳ ካገኛችኋት ግን ወዲያው አዲስ አምጥታችሁ አትተኩ። መጀመሪያ ማጥፊያው ተጭኖ እንደነበር አጣሩ። ጌጁን እዩ፣ ቀጥሎ መዝኑት። አንድ ሰው «ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» ብሎ ለግማሽ ሰከንድ ብቻ ተጭኖት ይሆናል። ያቺ ግማሽ ሰከንድ ትበቃለች። ትንሽ ዱቄት ቫልቩ መቀመጫ ላይ ይቀርና ቫልቩ በደንብ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ያን ቀን ጌጁ አረንጓዴ ነው። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሲታይ ግን ቀይ ላይ ወድቋል። በዚህ ምክንያት የዱቄት ማጥፊያ ተጭኖ አይሞከርም። ጥቂት እንኳ ከወጣው ተከፍቶ፣ ተጠርጎ እንደገና መሞላት አለበት።

ዱቄቱ የሚወጣበትን ጎማም እዩት። ተሰነጣጥቋል? ጫፉ ክፍት ነው? ጄነሬተሩ ጋ ያለው ማጥፊያ ጌጁም ክብደቱም ልክ ነበር። የጎማው አፍ ላይ ባትሪ ሳበራ ግን ተርብ በጭቃ ጎጆ ሠርታበት ደረቅ ብሎ ተደፍኗል። ቢጫኑት ዱቄቱ መውጫ አጥቶ ይቀር ነበር። ጎማው ተፈትቶ ተጠረገ። የዱቄት ማጥፊያ ጎማ ፒኑ እንደተሰካ በእጅ ሊፈታ ይችላል። ቫልቩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘውን ትልቁን ብሎን ግን ፈጽሞ እንዳትነኩ። ከውስጥ 12 ባር እየገፋው ነው፤ ሲፈታ ቫልቩ እንደ ጥይት ይወጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቀንድ፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበትን ሰፊ አፍም አትፍቱ፣ በባትሪ ውስጡን ማየት ይበቃል።

አሁን ሚዛኑ

መለያው ላይ ብዙ ጊዜ «ጠቅላላ ክብደት» የሚል ቁጥር አለ። ሲሊንደሩ፣ ቫልቩና ዱቄቱ አንድ ላይ ማለት ነው። የወዳጄ ባለ 6 ኪሎ 9.2 ኪሎ ይላል። ሚዛኑን በር መቃን ላይ ሰቅለን ማጥፊያውን በእጀታው አንጠለጠልነው። የሚጫነውን ላይኛውን ሳይሆን የታችኛውን መያዣ ነው የምታንጠለጥሉት። እስኪረጋ ጠበቅን።

7.4 ኪሎ።

1.8 ኪሎ ጎድሏል። ጌጁ ግን አረንጓዴ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ናይትሮጅኑ ራሱ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ባለ 6 ኪሎ ውስጥ ያለው ጋዝ ጥቂት አስር ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ጋዙ በሙሉ ቢያልቅ እንኳ እንዲህ ያለ ሚዛን አይቶ አይለየውም። የጎደለው 1.8 ኪሎ ዱቄት ነው። ጌጁ ደግሞ ዱቄት አይለካም። ሚዛኑ ጋዝ አያይም፣ ጌጁ ዱቄት አያይም። ሁለቱም አንድ ላይ ካልሆኑ ግማሹን ብቻ ነው የምናውቀው።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሕንፃው ጀርባ ቆሻሻ ተቃጥሎ ነበር። ትንሽ ተጠቅመውበት አጥፍተውታል። ከዚያ «ይሞላ» ተብሎ ተልኮ በማግስቱ አዲስ ስቲከር ይዞ መጣ። የላኩበት ቦታ ዱቄት አልጨመረም፤ ጋዝ ብቻ ነፍቶ መልሶታል። ወዳጄ ለሙሉ ሙሊት ከፍሏል። ከዚያ ጀምሮ ለሁለት ዓመት መግቢያው ላይ የተሰቀለው ማጥፊያ ከዱቄቱ ሲሶ ያህሉን ያጣ ነበር።

ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ትልቅ አይሆንም። መለያው ላይ የሚፈቀደው ልዩነት ተጽፎ ከሆነ እሱን ተከተሉ። ካልተጻፈ ግን ግማሽ ኪሎ የጎደለ ባለ 6 ኪሎ በጋዝ መሹለክ ሊገለጽ አይችልም፤ ይከፈት።

ስትመዝኑት አያይዛችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ገልብጡትና ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። ደህና የሆነ ዱቄት እንደ ደረቅ አሸዋ ሲንሸራተት ይሰማል፣ በእጅም ይታወቃል። ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም እንደ ድንጋይ አንድ ላይ ጓ ካለ፣ ተጋግሯል። መኪና ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሾቹ በመንገድ ንዝረት ዱቄታቸው ታች ተጠቅጥቆ ይገኛል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ ጌጅ የለውም፣ ምክንያት አለው

የኤሌክትሪክ ፓነሉ ክፍል ያለው ጥቁር ቀንድ ያለው ነው። ጌጅ የለውም። ብዙ ሰው «ጌጁ ወድቆ ነው ወይ?» ይላል። አልወደቀም። ውስጡ ያለው ጋዝ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ነው የተቀመጠው። 20 ዲግሪ ላይ ግፊቱ 57 ባር ገደማ ነው። ፈሳሽ እስካለ ድረስ ደግሞ ሙሉ ቢሆን፣ ግማሽ ቢሆን፣ ሩብ ቢሆን ግፊቱ ያው ነው። የቤት ውስጥ ቡታጋዝ ሲሊንደር ስንት እንደቀረው በነበልባሉ እንደማይታወቅ ሁሉ ማለት ነው። ጌጅ ቢገጠምለት እስኪያልቅ ድረስ «ሙሉ ነኝ» ይል ነበር። ያለን መንገድ መመዘን ብቻ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ከጋዙ ክብደት አሥር በመቶ ከጎደለ እንደገና ይሞላ። ለባለ 5 ኪሎ ይሄ 500 ግራም ነው፤ ለባለ 2 ኪሎ 200 ግራም ብቻ ነው። አሥር በመቶው የሚሰላው ከጋዙ ነው እንጂ ከጠቅላላ ክብደቱ አይደለም። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። የወዳጄ ሲሊንደር ሙሉ ሲሆን ከነቀንዱ 15.2 ኪሎ ይላል። ከጠቅላላው አሥር በመቶ ብለን ብናሰላ 1.5 ኪሎ እስኪጎድል እንጠብቅ ነበር። ያ ማለት ከጋዙ ሲሶ ያህሉ ሲያልቅ ነው። ትክክለኛው ወሰን ግን 15.2 ሲቀነስ 0.5፣ 14.7 ኪሎ ነው።

መዘንነው። 14.6 ሆነ። 600 ግራም ጎድሏል፣ አሥራ ሁለት በመቶ። ፒኑ ደህና፣ ማሸጊያዋ ያልተነካች። ማንም አልተጠቀመበትም፤ በቫልቩ በኩል ቀስ እያለ ሾልኳል። ይሞላል፣ ቫልቩም ይታያል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ነጥብ አለ። ሲሊንደሩ ላይ የተመታው ክብደት ከነቀንዱ ነው ወይስ ያለ ቀንዱ? ካልታወቀ ንጽጽሩ ሁሉ ይበላሻል። እኔ የማደርገው ይሄ ነው። ከሙሊት የመጣ ቀን፣ ባለሙያው ፊት፣ እንዳለ ከነቀንዱ እመዝነዋለሁ። ያን ቁጥር በካርድ ጽፌ አንገቱ ላይ አንጠለጥላለሁ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የማወዳድረው ከራሴ ቁጥር ጋር ነው።

ሰርቪስ ሲላክ

የዱቄት ማጥፊያ ሰርቪስ በአግባቡ ሲደረግ እንዲህ ነው። ግፊቱ ይለቀቃል። ቫልቩ ይፈታል። ዱቄቱ ወደ ደረቅ ዕቃ ይገለበጥና መጋገሩ ይታያል። ሲሊንደሩ ውስጥ መብራት ገብቶ ዝገት ይፈለጋል። ውስጥ ያለው ቱቦ ይጠረጋል፣ የቫልቩ የጎማ ቀለበት ይቀየራል። ዱቄቱ በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል። ናይትሮጅን ይነፋል፣ በሳሙና ውኃ መሹለኩ ይታያል። በመጨረሻ ፒን፣ ማሸጊያና ቀን።

ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የሚነፉት ናይትሮጅን ነው ወይስ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየር? ተራ የኮምፕሬሰር አየር እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበት ደግሞ ዱቄቱን ያጋግረዋል። ሁለተኛ፣ የሚጨምሩት ዱቄት ከበፊቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው? ለእንጨትና ለወረቀት እሳትም የሚሆነው «ኤቢሲ» ዱቄት ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው፣ ጠባዩም አሲዳማ ነው። «ቢሲ» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ ሊጥ የምንነፋበት ቤኪንግ ሶዳ ማለት ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ትንሽ እርጥበት ካገኙ ይዋሃዳሉ፣ ጋዝና ውኃ ይወጣቸዋል፣ ዱቄቱ ይጋገራል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል።

በእርግጥ መከፈቱን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለኝ። ከመላካችሁ በፊት በጥፍር ቀለም ከቫልቩ ብሎን እስከ ሲሊንደሩ አንገት አንዲት ቀጭን መስመር አስምሩ። ፎቶ አንሱት። ቫልቩ ከተፈታ መስመሯ ትቆረጣለች፣ መልሰው ሲገጥሙትም ከፎቶው ጋር አትገጥምም። ሲመለስ መስመሯ እንዳለች ካለች፣ የተደረገው ሰርቪስ ስቲከር ብቻ ነው። ሲመለስ ደግሞ እዚያው መዝኑት።

መቼ ምን፣ መቼ ማስወገድ

በየወሩ ጌጁን፣ ፒኑን፣ ማሸጊያዋን፣ ጎማውንና ዝገቱን እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በየስድስት ወሩ መዝኑ። በየዓመቱ ባለሙያ ይየው።

ሲሊንደሩን የመክፈቻና በውኃ ግፊት የመፈተሻ ጊዜ ላይ አገሮች ይለያያሉ። በአሜሪካው ደንብ የዱቄት ማጥፊያ በ6 ዓመት ተከፍቶ ይታያል፣ በ12 ዓመት በውኃ ግፊት ይፈተሻል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በየ5 ዓመቱ ይፈተሻል። በእንግሊዙ ዱቄቱ በ5 ዓመት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በ10 ዓመት ነው። በቻይናው ደንብ ደግሞ የዱቄት ማጥፊያ ከተሠራ 10 ዓመት ሲሞላው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 12 ዓመት ሲሞላው ከአገልግሎት ይወጣል። የእናንተ ማጥፊያ የተሠራበትን አገር እዩና የአምራቹን ተከተሉ። መለያው ከሌለ አጭሩን ያዙ።

ዓመቱ ባይደርስም ወዲያው የሚወገድ አለ። ከታች ቀለበቱ አካባቢ ዝገቱ ብረቱን የበላው፣ ብየዳው ላይ የተጎዳ ወይም በደንብ የተጨረመተ፣ እሳት የነካው፣ መለያው የማይነበብ። እንዲህ ያለው አይበየድም፣ በቀለምም አይሸፈንም።

የወዳጄ የመግቢያው ማጥፊያ የተሠራው ቻይና ነው። አሥር ዓመቱ ሊሞላ አምስት ወር ቀርቶት ነበር። ለአምስት ወር ብሎ ዱቄት ማስሞላት ገንዘብ ማባከን ነው። አዲስ ገዛ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በ2019 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፣ በአሜሪካው ደንብ የፈተና ጊዜው አልፏል። ለሙሊት ሲላክ አብሮ በውኃ ግፊት እንዲፈተሽ ተደረገ። ሲመለስ 15.2 መዘነ፣ ካርዱ ላይ ተጻፈ።

አሮጌውን ለቆራሌ ልስጠው አለ ወዳጄ። ግፊት ያለበት ሲሊንደር ለቆራሌ አይሰጥም፤ የሚገዛው ሰው ግራይንደር ይዞ ነው የሚቆርጠው። የውጭ አካሉ ደህና ስለነበር እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ጋሼና ሁለት ተከራዮች ተለማመዱበት። አንድ በርሜል ክዳን ላይ ትንሽ እሳት ለኮስን። ጋሼ ፒኑን ነቀሉ፣ ከነፋሱ ወገን ቆሙ፣ ከእሳቱ ሥር ጀምረው ግራና ቀኝ አወዛወዙ። እሳቱ ጠፋ፣ ዱቄቱም ከአሥር ሰከንድ ትንሽ አልፎ አለቀ። ቢሞላ ኖሮ 15 ሰከንድ ገደማ ይቆይ ነበር። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ባለሙያ ቫልቩን ፈታው፤ ለቆራሌ የሄደው አፉ ክፍት ሆኖ ነው። ተንጠልጣይ ሚዛኑ አሁን ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።